«ጠጡ» ያለው አምበል

አሳየሽ ጓዳ ሆና የተቀቀለ የቦዬ ሥር ትልጣለች፤ ጆሮዋ ግን ግቢ ውስጥ ነው። ከእንሰቱ ጥግ የሶዶ የኳስ ቡድን ልጆች ተሰብስበዋል። ቅዳሜ የቤሌ፣ የጉኑኖና የቦምቤ ቡድኖች የሚመጡበት ውድድር አለ። ልጇ ዳና በረኛ ነው። እንዲጫወት የፈቀደችለት ከብዙ ልመና በኋላ ነበር፤ አባቱን የበላው አረቄ ከልጁም እንዳይደርስ ፈርታ፣ ከማን ጋር እንደሚውል ሳትጠይቅ ውላ አታውቅም።

አምበሉ ጦና መሐል ቆሞ ይናገራል። ቤት ውስጥ በወላይትኛ ቢያወራም፣ ንግግር ሲያደርግ እንደ አስተማሪዎቹ በአማርኛ ነው።

«ስሙ! ጨዋታው ቅዳሜ አይደለም የሚጀመረው፤ ዛሬ ነው። በደንብ ብሉ። ቁርሱን ዘሎ የመጣ ሰው እግሩ ይከዳዋል። ቦዬውንም፣ ስኳር ድንቹንም፣ በቆሎውንም ብሉ። ሆዳችሁ የማያውቀውን ምግብ ግን በዚህ ሳምንት አትሞክሩ።»

«ነጋዴው ሰብስቤ እኮ ቅዳሜ ጧት ጥሬ ሥጋ ሊያበላን ቃል ገብቷል» አለ አጥቂው ቶማ።

«በሬ በሆድህ ይዘህ ልትሮጥ ነው? ሥጋው ከጨዋታው በኋላ ይደረስበታል። ቅዳሜ ቀለል ያለ ነገር ቀደም ብለን እንበላለን፤ ከዚያ ሆድ ይረፍ።»

ሳቁ ሲበርድ ጦና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ደግሞ ጠጡ! እስኪጠማችሁ አትጠብቁ። ጧትም ጠጡ፣ ከሰዓትም ጠጡ፣ ልምምድ ላይም ጠጡ! ያልጠጣ ሰው ከዕረፍት በኋላ ሜዳው ላይ ይዘረራል።»

ቦዬው ከአሳየሽ እጅ አምልጦ ምድጃው ሥር ተንከባለለ።

ቤተ ክርስቲያን ፊደል መማር ከጀመረች ወዲህ የአማርኛ ቃል አያመልጣትም። በቅርቡ አስተማሪው ተድላ ሰሌዳው ላይ «ጠጪ» ብሎ ጽፎ፣ አረቄ እየጠጣ ቤቱን የሚያፈርስ ሰው መሆኑን አስረድቷል። እሷም ቃሉን ጣቷን እያስከተለች ደጋግማ አንብባዋለች። ከ«ጠጪ» እስከ «ጠጡ» ደግሞ ስንት መንገድ አለ? የአንድ ፊደል ጅራት ነው!

እጇን ሳትታጠብ ወጣች።

«አንተ ጦና! የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ልጅ! በእኔ ግቢ ልጆቹን ጠጡ ትላለህ?»

«አዎ፣ እማማ» አለ ጦና ግራ ገብቶት። «ካልጠጡ ይደክማሉ።»

«ሰማችሁ? አያፍርም! ዳና፣ ግባ! ጨዋታ የለም!»

«እማዬ፣ በረኛ እኮ ሌላ የለንም!»

«ጎሉ ክፍቱን ይደር! ልጄን ግን ለጠጪ አልሰጥም!»

ቶማ አፉን በእጁ ይዞ በሳቅ ይንፈራፈራል። «እማማ አሳየሽ፣ ውሃ እኮ ነው!»

«ውሃ ከሆነ ለምን ውሃ አላለም?» ወደ ጦና ዞረች። «በወላይትኛ ድገመው። በሱ አታታልለኝም።»

ጦና ጉሮሮውን ጠርጎ ከምግቡ ጀምሮ በወላይትኛ ደገመው፤ «ውሃ» የምትለዋን ቃል በእያንዳንዱ «ጠጡ» ላይ እንደ ችንካር መታት። የአሳየሽ ትከሻ ቀስ እያለ ወረደ።

«ታዲያ ይህን ከመጀመሪያው ብትል አንደበትህ ይጎድል ነበር? ዳና፣ ተቀመጥ። ቀጥል፣ ሌላስ?»

ጦና ግን ዳናን አየ፤ ዳና መሬቱን አየ።

«እ… እንቅልፍ ነው፣ እማማ። ከዛሬ ጀምሮ በጊዜ መተኛት አለብን። በተለይ ዓርብ።»

ዓርብ ሌሊት እስኪነጋ የሚጸለየውን ጸሎት ለቡድኑ ያሰናዳችው አሳየሽ ራሷ ናት። ሴቶቹን ቤት ለቤት ዞራ የለመነች፣ ልጆቹን ከፊት አስቀምጣለሁ ያለች እሷ።

«ጸሎቱን ነው የምትጠላው?»

«ኧረ አልጠላሁም! ግን ዳና ሲጸልይ ካደረ፣ ኳሷ ስትመጣ አሜን ብሎ ያሳልፋታል።»

ልጆቹ ሳቁን አፈነዱት። አሳየሽ ከንፈሯን ነክሳ ያዘች፤ ፍርሃቱ ግን ከሳቁ ይበልጥ ነበር።

«ሳይጸልይ ገብቶ ጣቱን የሰበሩት እንደሆነስ?»

«እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው ዘግይቶ እጁን የሚልክ፣ እማማ። ጣቱ ጫማ ሥር የሚገባው ያኔ ነው።»

ይህን አላሰበችውም። ልጇን አየችው፤ ረጃጅም ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ፍርዱን ይጠብቃል።

«እንግዲያው ሥራውን እንከፋፈል» አለች በመጨረሻ። «እኛ እናቶች እንጸልያለን፤ እናንተ ትተኛላችሁ። ሴቶቹን እኔ እነግራቸዋለሁ። አንድ ሰው ግን ማታ ሲዞር ባገኝ፣ ከነኳሱ አባርረዋለሁ!»

የዚያን ዕለት ዶሮዎቹ ገና ሳይገቡ ዳናን ቦዬ አጥግባ፣ ውሃ አጠጥታ፣ አልጋው ላይ አወጣችው። በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች። ጥቂት ቆይታ ተመለሰችና አንገቷን አስገባች።

«ዳና፣ ተኛህ?»

«ተኝቼ ነበር፣ እማዬ።»

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ። በል እንደገና ተኛ።»