አሥራ አራተኛው መስመር

ኒሩፓ ለፕሮፌሰር ሃልቨርሰን የጻፈችውን ኢሜይል ከመላኳ በፊት እንዳየው ላፕቶፗን ሰጠችኝ። ሁለታችንም ከካትማንዱ መጥተን ካናዳ፣ ዊኒፔግ ውስጥ የአፈር ሳይንስ እንማራለን፤ መኝታ ክፍልም እንጋራለን። የዚሁ ሰው ላብራቶሪ ውስጥ ለመግባት እኔም ጽፌ ነበር፤ "ቦታ የለም" ብሎኛል። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም።

ኢሜይሉ "እጅግ የተከበሩ ታላቅ ሊቅ ሆይ" ብሎ ይጀምርና ስለ ድፍረቷ አራት ጊዜ ይቅርታ ይጠይቃል። እየሰረዝኩ ስወርድ አሥራ አራተኛው መስመር ላይ እጄ ቆመ። የሰውየውን ሙከራ በሌላ አፈር ደግማ የተለየ ውጤት አግኝታለች። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረኝም። ቀናሁባት። ከውዳሴው ጋር አብሬ ባጠፋው ማን ያውቅብኛል ብዬ ሰረዝኩት።

ከዚያ ቀና ብዬ ፊቷን አየሁና መለስኩት፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርም አደረግኩት። ቀጥሎ ጥያቄዋን፣ መጨረሻ ላይ አንድ ምስጋና አስቀመጥኩ። አምስት መስመር ብቻ ቀረ፤ እንድታነበው ላፕቶፑን መለስኩላት።

"አንቺ! እንደ እኩያዬ እያዘዝኩት እኮ ነው! ብልግና ነው ይሄ።"

"ብልግናስ የሰውን ጊዜ ማባከን ነው። 'ውድ ፕሮፌሰር' ብለሻል፣ አመስግነሻል፤ ይበቃዋል።"

እያጉረመረመች ላከችው። ከምሳ በፊት "ማክሰኞ ነይና ውጤቱን አሳዪኝ" የሚል መልስ መጣላት። እየጮኸች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

"ያላንቺ ምን እሆን ነበር?"

አጥብቄ አቀፍኳት፤ ፊቴን እንዳታይብኝም ቶሎ አልለቀቅኳትም።