የጋሳዩ መስመር

ማስታወቂያው አራት መስመር ነበረው። የመጀመሪያው የዘር ድንች አምራቾች ማኅበር አባላት ጠቅላላ ስብሰባ መጠራቱን፣ ሁለተኛው ቀኑን፣ ሦስተኛው ሰዓቱንና ቦታውን፣ አራተኛው ስልክ ቁጥሩን ይናገራል። እመቤት ደብረ ታቦር በሚገኘው ማተሚያ ቤቷ ስታትመው ሁለተኛው መስመር «ረቡዕ መጋቢት 16» ይል ነበር።

ደብረ ታቦር የተለጠፈው እንደታተመ ቆየ። የጉና ገበሬዎች በሚገበያዩባት ጋሳይ የተለጠፈው ግን «ዓርብ መጋቢት 18» ይል ስለነበር የጉና ሰዎች ዓርብ መጥተው ባዶ አዳራሽ አገኙ። አመራሩ ረቡዕ ተመርጦ አልቋል። ሊቀመንበሩ አቶ ሙላቴ እንደገና ተመርጠዋል።

አቶ ሙላቴ ማተሚያ ቤቱ የጋሳዩን ለብቻ ሲያትም ተሳስቷል አሉ። በማኅበሩ ደንብ የማተሚያ ስሕተት ምርጫ አያፈርስም። እመቤት ስሕተቱን አምና እንድትፈርም ወደ ማኅበሩ ቢሮ ተጠራች። ከፈረመች የጉና ሰዎች ድምፅ ሳይሰጡ ይቀራሉ፤ እሷም ቀን ስታዛባ የተገኘች አታሚ ትሆናለች።

የወረዳው የማኅበራት ባለሙያ አቶ ዳኛቸው ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጧል። ከጉና የመጡት እማማ ፈንታነሽ በሩ አጠገብ ናቸው። የጋሳዩ ወረቀት ተቀዶ ጠፍቷል፤ የቀረው እሳቸው በስልካቸው ያነሱት አንድ ፎቶ ነው። ከጎን የተነሳ፣ ትንሽ የደበዘዘ። ወረቀት በወረቀት ላይ ተለጥፎ እንደሆነ አይለይበትም። እመቤት ኮምፒውተሯ ላይ ያለውን ዋናውን ላሳይ ብትልም አቶ ሙላቴ ትናንት አስተካክለሽው ይሆናል ብለው አስቀሯት።

«እንግዲያው ፎቶው ብቻ ይበቃኛል» አለች።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፎቶውን አሰፋችው። መጀመሪያ የፊደላቱን መጠን ተወችው፤ ከጎን በተነሳ ፎቶ መጠን ያሳስታል። የሁለት መስመሮችን ተመሳሳይ ፊደላት ጎን ለጎን አየች። በአንደኛው መስመር «ስብሰባ» ውስጥ ያለው ብ እግሮቹ ወፍራም፣ ከላይ የሚያገናኛቸው መስመር ቀጭን ነው፤ በብዕር እንደተጻፈ ይመስላል። የ«ዓርብ» ብ ግን እግሩም አናቱም እኩል ውፍረት አለው፣ ጫፉም ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው። የ«አባላት» ት እና የ«መጋቢት» ት እንዲሁ ተለያዩ። በስልክ ቁጥሩ ያለው 1 ከሥሩ አጭር አግዳሚ እግር አለው፤ የ18 ግን ያለ እግር ቆሟል። በሌሎቹ ሦስት መስመሮች ፊደል ከፊደል በተመሳሳይ ልክ ተራርቋል፤ በቀኑ መስመር ግን ተጠጋግተዋል።

«የኔ ሦስቱ መስመሮች አቢሲኒካ በሚባለው የፊደል ቤተሰብ ነው የተጻፉት» አለች። «ይሄ የቀኑ መስመር ግን ኖቶ በሚባል ሌላ ነው።»

አቶ ሙላቴ ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ በደበዘዘ ፎቶ የፊደል ዘር ቆጠርሽ? ካሜራው ነው ያወፈረው።»

«ካሜራ ካወፈረ የላዩንም የታቹንም መስመር ያወፍራል፣ አቶ ሙላቴ። የመካከሉን ብቻ መርጦ አያወፍርም። የ1ንም እግር ቆርጦ አይጥልም።»

እማማ ፈንታነሽ ካሜራዬ እንዲህ ብልጥ መሆኑን አላውቅም ነበር አሉ። አቶ ዳኛቸው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ከዚያ ግን ቀኑን ስታርሙ ፊደሉ ተቀይሮባችሁ ቢሆንስ ብሎ ጠየቃት።

«ቀን ለማረም የዕለቱን ስምና ቁጥሩን አጥፍቼ በቦታው እጽፋለሁ፤ ፊደሉ የነበረው ይቆያል» አለች። «እኛ ብንሳሳት በራሳችን ፊደል ነው የምንሳሳተው።»

አቶ ሙላቴ የስሕተት ማመኛውን ወረቀት ወደ እሷ ገፉት። ፈርሚና እንገላገል፣ አለዚያ የማኅበሩን ሥራ ከእንግዲህ አታገኝም አሉ። እመቤት ብዕሩን አነሳችና ከወረቀቱ አርቃ አስቀመጠችው።

«አልፈርምም። ሥራውን ለሌላ ስጡት።»

ቀና ስትል ዓይኗ ከሊቀመንበሩ ጀርባ፣ ከውስጠኛው ክፍል በር አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ አረፈ። «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ተነስታ ስልኩን ከአጠገቡ ያዘችው። መ ከ«መጋቢት» መ፣ ት ከት ጋር፣ እኩል ውፍረት፣ ቀጥ ያለ ጫፍ። ከሥሩ የቢሮው ክፍል ቁጥር 1 ያለ እግር ቆሟል።

«ይህን ማን አተመው?» አለ አቶ ዳኛቸው።

ጥግ ላይ የተቀመጠችው የማኅበሩ ጸሐፊ በቢሮው ማተሚያ ነው አለች።

«ኖቶ በብዙ ኮምፒውተር አለ» አለች እመቤት። «ማን እንደለጠፈው ፊደል አይናገርም። ከኔ ቤት እንዳልወጣ ግን ይናገራል።»

አቶ ዳኛቸው ወንበሩን አዙሮ ግድግዳውንና ስልኩን ደጋግሞ አየ። ያልተፈረመውን የስሕተት ማመኛ ወረቀት አጠፈና ኪሱ ከተተው። ማስታወቂያው ከታተመ በኋላ ስለተለወጠ ስብሰባው እንደገና እንዲጠራ ወሰነ፤ የለወጠውን ሰው ማጣራት ለብቻው ይታያል አለ።

አዲሱን ማስታወቂያ የማኅበሩ ቢሮ በራሱ ማተሚያ አተመው። ለእመቤት ሥራ አልሰጧትም።

ስብሰባው ሚያዝያ ላይ ተካሄደ። በመጀመሪያው ስብሰባ ከጉና አንድም ሰው አልነበረም፤ በሁለተኛው አርባ ሦስት ገበሬዎች ድምፅ ሰጡ።