ድምሩ ነው ወይስ እርማቱ?

«ክብሪት» የሚል ቅጽል ስም ያወጡላት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው። ለመንደድ ሰበብ አትፈልግም። አንዴ ከነደደች ደግሞ አጠገቧ ያለው ሁሉ ሳይለበለብ አይተርፍም።

የሒሳብ አያያዝ መምህሩ የታረመውን ፈተና ለተማሪዎቹ ባሳየበት ቀን፣ የእሷን ወረቀት ዴስኳ ላይ ጣል አድርጎላት አለፈ። የፊተኛው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ 48 ተጽፏል። ማለፊያው 50 ነው። መውደቅ ማለት ትምህርቱን በሚቀጥለው ዓመት ከታች ክፍል ልጆች ጋር መድገም ነው።

ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ የአራቱን ጥያቄዎች ማርክ አየች፤ 15፣ 13፣ 19፣ 11። ደመረችው። አላመነችም፤ ደግማ ደመረችው። 58!

«መምህር፣ ድምሩ ተሳስቷል» አለች እጇን አውጥታ።

«ደግሞ ድምር ልታስተምሪኝ ነው?»

«አምስት፣ ሦስት፣ ዘጠኝና አንድ አሥራ ስምንት ነው። ስምንቱን ጽፈው አንዱን ሳይዙ ቀሩ። ሒሳብ አያያዝ እያስተማሩ አንድ መያዝ አቃተዎት?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። የመምህሩ ፊት በርበሬ መሰለ። ወረቀቱን ከእጇ መንጭቆ ከሌሎቹ ጋር ደባለቀውና «ቅሬታ ያለው ፈተና ክፍል መሄድ ይችላል፤ እዚህ ግን ምላስ ማርክ አያስገኝም!» አለ።

ማታ በንዴት ለፈተና ክፍል የቅሬታ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ በትከሻዋ አሻግራ አነበበችና «ሰውዬውን መስደቡን ተይው፤ የሆነውን ብቻ ጻፊ» አለቻት። ሦስት ጊዜ ጽፋ ቀደደች። በመጨረሻ የተረፈው አጭር ነበር። የመታወቂያ ቁጥሯን፣ የትምህርቱን ስም፣ የአራቱን ጥያቄዎች ማርክና ትክክለኛውን ድምር አሰፈረች። ከላይ ግን «ጉዳዩ፦ ድጋሚ እርማት እንዲደረግልኝ ስለመጠየቅ» ብላ በትልቁ ጽፋ ከሥሩ አሰመረችበት።

የፈተና ክፍል ኃላፊው ከመምህሩ ጋር በምሳ ሰዓት የማይለያዩ ጓደኛሞች መሆናቸውን ግቢው ሁሉ ያውቃል። በማግስቱ ደብዳቤውን ስታቀርብለት መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አነበበው።

«ሰውዬውን በተማሪ ፊት ያዋረድሽው አንቺ ነሽ?»

«አሥር ማርክ የወሰደብኝ እሱ ነው።»

«እዚህ አትጩሂብኝ!» ደብዳቤውን በጣቱ መታ መታ አደረገው። «የምታወሪው ስለ ድምር ነው፤ የጠየቅሽው ግን ድጋሚ እርማት። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ድምር ከሆነ እኔ ወረቀቱን አውጥቼ አየዋለሁ፤ መምህሩም ውጤቱን አስተካክሎ ይፈርማል፤ አለቀ። ድጋሚ እርማት ከሆነ ስምሽ ተሸፍኖ ለሌላ መምህር ይሄዳል። ያ መምህር ከሀ እስከ ፐ እንደ አዲስ ያርማል። ከፍ ሊል ይችላል፣ ዝቅ ሊል ይችላል። ከዚያ በኋላ ይግባኝ የለም። ስለዚህ ይህቺን ሰርዢና ‹ድምሩ ይጣራልኝ› ብለሽ ጻፊ።»

እስክሪብቶ አቀበላት። ክብሪት እስክሪብቶውን አየችው፤ ሰውየውንም አየችው። በልቧ «አሃ! ነገሩን በጓዳ ሊያለባብሱት ነው» አለች።

«ወረቀቴ ተመልሶ እሱ እጅ አይገባም።»

«ልጅቷ፣ ለራስሽ ብዬ ነው።»

«ለጓደኛዎ ብለው ነው!»

ኃላፊው ጥርሱን ነከሰ። ማኅተሙን ደብዳቤው ላይ ደለቀውና ቅጂውን ወረወረላት። «እንግዲያው የራስሽ ጉዳይ። ውጪ!»

ውጤቱ ሲመጣ ተጠርታ ሄደች። ኃላፊው ወረቀቱን ገፋ አደረገላት። 15፣ 13፣ 14፣ 11። ድምር 53። አልፋለች። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ግን አሥራ ዘጠኙ አሥራ አራት ሆኗል።

«ይሄ ለምን ቀነሰ?» አለች፤ ድምፅዋ ከወትሮው ዝቅ ብሎ።

መልሱ የመጣው ከኋላዋ ነው። መምህሩም ለፊርማ ተጠርቶ በሩ ላይ ቆሟል። «ሠንጠረዡን አሳምረሽ ሠርተሽ መጨረሻ ላይ ግን ግራና ቀኙ እኩል አልመጣልሽም። ልፋትሽን አይቼ ነበር እንደዚያ የሰጠሁሽ። ሌላ ሰው አላዘነልሽም።»

«አሥሩንስ አዝነው ነው የወሰዱብኝ?»

መምህሩ ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሳ። ይቅርታ የምትባለዋ ቃል እዚያ ክፍል ውስጥ ከማንም አፍ አልወጣችም።

«ሁለታችሁም ፈርማችሁ ውጡልኝ» አለ ኃላፊው።

ፈረሙ። መምህሩ ቀድሟት ወጣ። ክብሪት በሩ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። ኃላፊው ያኔ እስክሪብቶ አቀብሎ «ለራስሽ ብዬ ነው» ያላት አሁን ትዝ አላት፤ ድምሩ ብቻ እንዲጣራላት ብትጠይቅ 58ቷ አይነካባትም ነበር፤ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ዞር ብላ አየችው።

«ምን ቀረሽ?» አላት ቀና ሳይል።

«ምንም» አለችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። ቀስ ብላ ነበር የዘጋችው።