የመከታ ወንድም

ወልዴ ማፈር የማያውቅ ሰው ነበር። ዐይን አውጣ ነበር ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን እንደሱ የተከበረ ሽማግሌ አልነበረም። ድንበሩ የተገፋበትም፣ ሚስቱ ያኮረፈችበትም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወልዴ ዘንድ ይሄዳል። "አያ ወልዴ ካለ አለቀ" ይባላል። ሰው ዕድሜውን እንዲህ እየተባለ ሲኖር፣ "ተሳሳትኩ" ማለት ከየት እንደሚጀመር ይጠፋዋል።

የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ውሻ ሊከትቡ የመጡ ጊዜ መከታ የሚባለውን ውሻውን ጎተራው ስር ደበቀና፣ ለተሰበሰበው ሰው "መርፌ የተወጋ ውሻ ጅብ ሲያይ ያዛጋል" አለ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄያለሁ። ከዚያ በኋላ ውሻውን ያመጣ ሰው አልነበረም፤ ባለሙያዎቹ እንደመጡ ተመለሱ።

ነገሩ የመጣው በ2014 ዓ.ም. በመስቀል ሰሞን ነው። ጦርነቱ ከወልዲያ ወዲህ እየገፋ፣ መንገዱ በተፈናቃይ ተሞልቶ ነበር። አንድ ጠዋት መከታ የወልዴን ጊደር አፍንጫዋን ነከሳት። ወልዴ በዱላ ሲያባርረው ከግቢ ወጣና ጀሪካን ይዛ የምታልፈውን ሒክማን ተረከዟን ያዛት። ሳይጮህ፣ ሳያስጠነቅቅ ነው የነከሳት። ሒክማ የጎረቤቱ የሂንድ ልጅ ናት፤ ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ ከመጣች ገና ዓመቷ ነው። ለእናቷ ከሷ ሌላ የለም።

"ጅራቱን ረግጠሽው ነው" አላት ወልዴ።

"ወላሂ አልረገጥኩም፣ አያ ወልዴ።"

"ረግጠሽዋል። በዐይኔ አይቻለሁ።"

አላየም። ስለ ጊደሯም ትንፍሽ አላለም።

ሂንድ ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ወልዴም አብሯቸው ሄደ፤ ሽማግሌ አይደል። ነርሱ ሙንተሲር የሚባል፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ልጅ ነው። ሒክማን ቧንቧ ስር አስቀምጦ ቁስሏን በሳሙና አጠበው፤ አጠበው፤ ወልዴ እስኪሰለቸው ድረስ አጠበው።

"ክትባቱ እዚህ አልቋል" አለ ሙንተሲር። "ደሴ አለ። ዛሬውኑ ሂዱ።"

"ዛሬውኑ?" አለች ሂንድ። "ልጅቷ ምንም አልሆነች እኮ።"

"ምንም ሳትሆን ነው መሄድ ያለባት፣ እናቴ። ውሻው እብድ ከሆነ በሽታው ምራቁ ውስጥ አለ። ከቁስሏ ገብቶ ነርቭ ይይዝና ወደ አንጎሏ ይጓዛል። በደም አይሄድም፤ በደም ቢሄድ በመኪና እንደሄደ ሰው ቶሎ ይደርስ ነበር። ይኼ እግረኛ ነው። ሳምንታትም ወራትም ሊፈጅ ይችላል። መንገድ ላይ እያለ አያማትም፣ አያተኩሳትም። አንጎል የገባ ጊዜ ነው ውሃ አልዋጥ የሚላት፣ የሚያባንናት። ያን ጊዜ እኔም ደሴም አዲስ አበባም አናድናትም። ክትባቱ ደግሞ ሰውነቷ ውስጥ ዘብ ለማቆም ቀናት ይፈልጋል። ዘቡ መቅደም አለበት።"

"ውሻዬ እብድ አይደለም" አለ ወልዴ። ነገሩ ከሒክማ ተረከዝ ወደሱ ክብር ከዞረ ቆይቷል።

"ካልሆነ እሰየው። ክትባቱን ትጀምር፣ እርስዎ ውሻውን አስረው ይጠብቁት። ምራቁ ውስጥ በሽታ ያለበት ውሻ አንጎሉ አስቀድሞ ተይዟል ማለት ነው፤ አስር ቀን በጤና አይቆይም። በአስረኛው ቀን ደህና ከሆነ ክትባቱን እናቆማለን።"

"መንገዱን እያየህ ልጅቷን ደሴ ታንገላታለህ? ግሸን ማርያምን፣ ውሻዬ ከእኔ የበለጠ ጤነኛ ነው!"

ሂንድ ነርሱን አየችው፤ ወልዴን አየችው። አንዱ ትናንት የመጣ ልጅ ነው። ሌላው ባሏ ሲሞት የወንድሞቿን ጠብ ያበረደ ሰው ነው። "አያ ወልዴ ማሉ እኮ" አለች። ሙንተሲር ለመነ፣ ተቆጣ፤ አልሆነም። በመጨረሻ፣ "እንግዲያው ውሻውን መጥቼ አየዋለሁ" አለ።

ወልዴ ከሰው ዐይን ከልሎ ጎተራው ስር ያሰረው መከታ በማግስቱ መብል አልቀመሰም። የታሰረበትን እንጨት ሲያኝክ ዋለ፤ ድምፁ ጎረነነ፤ መንጋጋው ወደ ታች ወርዶ ለሃጩ ይንጠባጠብ ጀመር። ከዚያ የኋላ እግሮቹ ከዱት። ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። ወልዴ ከቁልቋሉ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው።

አካፋውን እንደያዘ ሂንድ ቤት መሄድ ይችል ነበር። አጥር ነው የሚለያቸው። እስከ አጥሩም ሄዶ ነበር አሉ። ግን ምን ይላል? መርፌ አያስፈልገውም ያልኩት ውሻ አብዶ ሞተ ይበል? የማልኩት በውሸት ነው ይበል? ፊቱን የት ያደርገዋል? ለራሱ፣ "መርዝ በልቶ ይሆናል" አለ። ወልዴ ለሌላው ሰው የማይቀበለውን ምክንያት ለራሱ ተቀበለ።

አምባሰል ያለችው እህቱ ስህን የመከታን ወንድም ነበር የምታሳድገው። ከአንድ እናት ባንድ ቀን የተወለዱ፣ ሁለቱም ቡናማ፣ ሁለቱም ደረታቸው ነጭ። ወልዴ ሄዶ "ዘመኑ ክፉ ነው፣ ግቢዬን ይጠብቅልኝ" ብሎ አመጣው፤ በመከታ ሰንሰለት አሰረው።

ሙንተሲር ሲመጣ ውሻው ጭራውን እየቆላ ቂጣ ይበላ ነበር። ሂንድም ከአጥሩ በላይ አየችው። በአስረኛው ቀን ሙንተሲር ዳግመኛ መጥቶ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰና፣ "አልሀምዱሊላህ። ይቅርታ አያ ወልዴ፣ አስቸገርኩዎት" አለ።

ወልዴ ይቅርታውን ተቀበለ። እሱ ነው ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ፤ ተቀበለ።

ጥቅምት ከገባ በኋላ ጊደሯ መብላት አቆመች። ያለማቋረጥ ትጮሃለች፤ ድምፅዋ የእሷ አይመስልም። ውሃ ፊቷ ሲቀመጥላት ትጎነጭና በአፍንጫዋ ይመለሳል። ወልዴ ጉሮሮዋ ላይ የተሰነቀረ ነገር አለ ብሎ እጁን እስከ ክርኑ አፏ ውስጥ ከተተ። ምንም አልነበረም። እጁን ሲያወጣው ለሃጯ ይዝረበረባል፤ አጥር ሲያጥር እሾህ የጫረው ጣቱ ላይም ፈሷል።

ያኔ ነው ነገሩ የገባው። የጊደሯ አፍንጫና አንጎሏ ስንዝር ቢራራቁ ነው፤ እግረኛው ደርሷል። የሒክማ ተረከዝ ግን ሩቅ ነው። ሩቅ ነው፣ ግን እየሄደ ነው። ባንድ ጠዋት ነው ሁለቱም የተነከሱት።

እጁን በሳሙና አጠበ፤ እንደ ሙንተሲር ደጋግሞ፣ ቆዳው እስኪቀላ ነው ያጠበው። ከዚያ ወጣ።

የዚያን ቀን መንደሩ ዋርካው ስር ተሰብስቦ ነበር። መድፉ ቀርቦ ይሰማል፤ እንሽሽ ወይስ እንቆይ ነው ጨዋታው። ወልዴን ሲያዩት መንገድ ለቀቁለት። "መጡ፣ እሳቸው ይበሉና እናድርግ" አለ አንዱ። ሒክማ ከእናቷ ጎን ጥቅልል ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች።

ወልዴ አፉን ከፈተ።

"መከታ ሞቷል" አለ። "ያኔውኑ ነው የሞተው፤ አብዶ ነው የሞተው። ያሳየኋችሁ ወንድሙን ነው። ሒክማ ጅራቱን አልረገጠችም።"

ሰዉ ወዲያው አልገባውም። የገባት ሂንድ ናት። ተነሥታ ፊቱ ቆመች። ትመታዋለች ብለን ነበር፤ በመታችው ይሻል ነበር። "አንተ" አለችው። በዕድሜዋ አንቱ እንጂ አንተ ብላው አታውቅም። "አንተ፣ እኔ እኮ ልጄን በቃልህ ነው ያስቀመጥኳት።"

ወልዴ መሬት መሬት እያየ፣ "ንቀፉኝ፣ በኋላ። አሁን ደሴ እናድርሳት" አለ።

መኪና ሁሉ ሞልቶ ያልፋል። ከተፈናቃዩ ጋር በእግር ጀመሩ፤ ሂንድ ከፊት፣ ሒክማ ከመሀል፣ ወልዴ እንደ ጥፋተኛ ከኋላ። አንድ አይሱዙ የእህል ጆንያ ላይ ጭኖ እስኪያደርሳቸው ድረስ ማንም አላናገረው።

ደሴ ሆስፒታል ሐኪሟ፣ ሒክማ መቼ እንደተነከሰች ጠየቀች። ሒክማ ወልዴን አየችው፤ እሱ ነው የመለሰው። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ይኼን ሁሉ ጊዜ ምን ስትሠሩ ነበር?"

"እኔ ነኝ" አለ ወልዴ።

"ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋው ሴረም የለንም፤ ክትባቱ ብቻ ነው ያለው። ምልክት እስካልታየ ድረስ አልረፈደም፤ አሁኑኑ እንጀምራለን። ግን በመጀመሪያው ቀን ብትመጣ ኖሮ የምላትን ዛሬ ልላት አልችልም። ወራት ካለፉ በኋላ ነው ልባችን የሚያርፈው።"

ሒክማ ተወጋች። ወልዴ ቀኝ እጁን ኪሱ ከትቶ በር ላይ ቆሟል። ለሷ የሚገባውን መድኃኒት ለመጠየቅ ምን አፍ አለው?

"ዶክተር" አለች ሒክማ እጅጌዋን እየሰበሰበች። "እሳቸውም እጃቸውን የታመመች ጊደር አፍ ውስጥ ሲከቱ በአጥሩ አይቻቸዋለሁ። ጣታቸው ቆስሏል። መንገድ ላይ አይቸዋለሁ።"

ወልዴ አለቀሰ። ወንድ ልጅ፣ ሽማግሌ፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ፊት።

የቀሩትን መርፌዎች ሁለቱም ግማሹን ደሴ፣ ከተማዋም ስትያዝ የመጨረሻውን ሸሽተው በሄዱበት ደብረ ብርሃን ጨረሱ። አካባቢው ሲለቀቅ ተመለስን። ጤና ጣቢያው በርና መስኮት አልነበረውም። የሂንድም የወልዴም ቤት ተዘርፏል። ዋርካው ስር ሰው እንደገና ሲሰበሰብ ማንም "አያ ወልዴ ይበሉና" አላለም፤ እሱም አልመጣም።

ጠዋት ጠዋት ግን አጥሩ ጋ ይመጣል። ዱላውን ተደግፎ ይቆማል። ሂንድ ስታየው ፊቷን አዙራ ትገባለች።

ሒክማ መጀመሪያ ምን እንደሚፈልግ አላወቀችም ነበር። አንድ ቀን ከጀሪካኑ ውሃ ቀድታ ስትጠጣ ዐይኑ ጉሮሮዋ ላይ እንደቀረ አየች። ስትውጥ እሱም ዋጠ። ያን ጊዜ ገባት፤ ውሃው ይዋጥላት እንደሆነ ሊያይ ነው የሚመጣው።

ከዚያ ወዲህ ሲመጣ ትወጣለች። ጣሳውን ጢም አድርጋ ትሞላና ሳታቋርጥ ትጨልጠዋለች። ከዚያም ልጅ ለእናቱ እንደሚያሳይ ባዶውን ጣሳ ገልብጣ ታሳየዋለች።

"ጠጥቻለሁ፣ አያ ወልዴ" ትለዋለች። "ይሂዱ አሁን፣ እርስዎም ውሃ ይጠጡ።"

ቀና ብሎ ዐይን ዐይኗን ሊያያት አልቻለም፤ ዛሬም አልቻለም። አጎንብሶ ይሄዳል፣ ነገ ጠዋት ደግሞ ይመጣል።