መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ አፍ

ፎቶ ቤታችን መስኮት ላይ የተሰቀለው መልከ መልካም ሰውዬ አለ አይደል? አፉ የኔ ነው። የእውነቴን ነው፣ ከራሴ ሰልፊ ቆርጬ ነው የለጠፍኩለት። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ይሄን ሳስብ በሳቅ እሞት ነበር። አሁን ግን በመስኮቱ በኩል ማለፍ አቅቶኝ በጓሮ በር ነው የምገባው።

ቆይ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ትሕትና እባላለሁ፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ። ፎቶ ቤቱ የእናቴ ወንድም የእጅጉ ነው፣ እዚሁ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ። ጋሼ ነው የምለው። ከትምህርት መልስ ኤዲት የማደርገው እኔ ነኝ። እኛ ጋ ኤዲት ማለት ምን እንደሆነ መቼም ታውቁታላችሁ። ብጉር ይጠፋል፣ ፊት ይቀላል፣ ገበሬው ኮትና ከረባት ይለብሳል። ማንም አዝዞን አይደለም እኮ! ካላደረግነው "ምነው አጠቆራችሁኝ" ብለው ይቆጡናል። በቃ እጄ ለምዶታል።

ጥቅምት ላይ አንዲት ልጅ ከቡሬ መጣች። ያይኔአበባ ትባላለች፣ ሃያ አራት ሃያ አምስት ቢሆናት ነው። ቡሬ ፎቶ ቤት ሞልቶ ለምን እዚህ ድረስ እንደመጣች ስጠይቃት "እዚያ ሁሉም ያውቀኛል" አለችኝ። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተሸፋፍናለች፣ ስታወራም አላወረደችውም። ጥርሷን አሟት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ሞኝ!

ከፌስታል ውስጥ ፍሬም አወጣች። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው፣ የአባቷ የገደፋው። እሷ ሳትወለድ ነው የሞተው። እናቷም አምና አረፈችና ፎቶው ከሳጥኗ ስር ተገኘ። ሌላ ፎቶ የለውም፣ አንድ እንኳን። ግን ምኑ ፎቶ ነው! ዝናብ ገብቶበት መስታወቱ ላይ ተጣብቋል፣ ሻግቷል፣ ከጸጉሩ እስከ ኮሌታው ተሰንጥቋል፣ ከአገጩ ተነስቶ የአፉን ግማሽ ደግሞ ቡናማ እድፍ ሸፍኖታል።

"እንዳለ ይሁን፣ አታሳምሪው" አለችኝ። "አፉ አካባቢ ያለው ብቻ በደንብ እንዲታይ ነው የምፈልገው።"

እሺ አልኳት። እሺ ማለት ምን ችግር አለው።

ፎቶው ከመስታወቱ ቢላቀቅ ፊቱ እዚያው ተጣብቆ እንደሚቀር አውቅ ስለነበር ከነመስታወቱ ስካነሩ ላይ ደፋሁት። በከፍተኛ ጥራት ስካን አድርጌ ኮምፒውተሩ ላይ ሳሰፋው፣ በስማም፣ የእያንዳንዱ ሻጋታ ነጥብ ምስር ያክላል። መጀመሪያ ዋናውን ኮፒ አደረግኩና ከላዩ አንድ ሌየር አስቀመጥኩ። ሌየር ማለት ፎቶው ላይ እንደሚነጠፍ ስስ ላስቲክ በሉት፣ ሥራው ሁሉ እላዩ ላይ ነው፣ ከስር ያለው አይነካም። ጋሼ መጀመሪያ ያስተማረኝ ይሄን ነው። ከዚያ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ለቀምኩ። ስንጥቁ ላይ ደግሞ ከጎኑ ካለው ጤነኛ ቆዳ እየቀዳሁ ትንሽ ትንሽ ለጠፍኩ፤ ግንባሩን ከግንባሩ፣ ኮሌታውን ከኮሌታው። ቅንድቡን ጸጉር በጸጉር ነው የሠራሁት! ሦስት ቀን ፈጀብኝ፣ ደስ ሲለኝ።

አፉ ላይ ስደርስ ተሰላቸሁ። ግማሹ እድፍ ስር ነው፣ ምንም አይታይም። በደህናው ግማሽ በኩል ደግሞ ከከንፈሩ ወደ አፍንጫው የምትወጣ አንዲት መስመር አለች። ጭረት ናት ብዬ ጠረግኳት። አስቤም አይደለም፣ እጄ ነው የጠረጋት። የቀረውን አፍ ከየት ላምጣው ስል ስልኬ ላይ ሰልፊዬን አየሁ። ቆረጥኩ፣ ጥቁርና ነጭ አደረግኩ፣ ትንሽ አሰፋሁ፣ የድሮ ፎቶ ሸካራነት እንዲመስል ነጠብጣብ ጨመርኩበት። ልክክ! ጋሼን ጠርቼ ሳሳየው ሁለታችንም በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለልን።

አዲሱን ያንኑ ፍሬም ውስጥ ለማስገባት ብሎ ደግሞ ጋሼ አሮጌውን ላጠው። እንደፈራሁት ፊቱ መስታወቱ ላይ ቀረ። በውሃ አጠበው። "ምን ያደርጋል፣ አዲሱ አለ አይደል?" አለ። እኔም አዲሱን አቀበልኩት።

ያይኔአበባ ልትወስድ መጣች። ብዙ ቆማ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ "አፉ እንዲህ ነበር?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። "ከእድፉ ስር እንዲህ ነበር።"

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ሥራዬ እንዲወደድልኝ ፈልጌ ነው መሰለኝ።

ባለፈው ሳምንት ፍሬሙን ይዛ ተመልሳ መጣች። ጋሼ በኩራት "ምነው፣ ጎደለበት?" አላት። እሷ ወደኔ ዞራ ነጠላዋን አወረደች። የላይኛው ከንፈሯ ላይ እስከ አፍንጫዋ የሚደርስ ጠባሳ አለ። ስትወለድ ከንፈሯ የተሰነጠቀ ነበር፣ በስተኋላ ነው የተሰፋው።

እንደነገረችን፣ የአባቷ እህት እመት ወይኒቱ ከልጅነቷ ጀምሮ "በኛ ዘር እንዲህ ያለ ከንፈር የለም፣ እናትሽ ከሌላ ነው ያመጣችሽ" ይሏታል። እናቷ ደግሞ እስክትሞት ድረስ "አባትሽም እንዳንቺው ነበር" ትላት ነበር። ፎቶው ሲገኝ እዚያች መስመር ላይ አፍጥጣ ብትውልም ጭረት ትሁን ጠባሳ መለየት አልቻለችም። ለዚያ ነው እኛ ጋ ያመጣችው። እውነቱ ይህ ከሆነ ይውጣ ብላ እኔ የሠራሁትን ዘመድ በተሰበሰበበት ፊታቸው ዘረጋችው። ከልጅነቷ የምትፈራውን በገዛ እጇ አመጣችው። እመት ወይኒቱ ፎቶውን ከፍ አድርገው ለሁሉም አሳዩና "ይኸው፣ እናቷን በመቃብሯ አሳፈረቻት" አሉ።

"ቆንጆ አድርገሽዋል እህቴ" አለችኝ። "ለኔ ግን ምኔ ነው፣ የሱ ልጅ አይደለሁም። አንቺ ያዢው።"

 የራሴው አፍ ከፍሬሙ ውስጥ ያየኛል። ፍሬሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ከመናኸሪያው ባሕር ዳር መኪና አለ ሲሉ ስትሰማ ወጣች፤ ወደ ቡሬ አልመለስም ብላለች።

ሮጬ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የኔን ሌየሮች ሁሉ ዘጋሁና ዋናው ስካን ከስር ወጣ። ስንጥቁ ነጭ ነው፣ ቀጥ ብሎ ፊቱንም ኮሌታውንም ያልፋል። ያቺ መስመር ግን ጠቆር ያለች ናት፣ ትጎብጣለች፣ ከንፈሩ ላይ ጀምራ አፍንጫው ስር ታበቃለች፣ ከንፈሩን ወደ ላይ ሳብ አድርጋዋለች፣ ጥላ እንኳን አላት። ጭረት ጥላ የለውም! የያይኔአበባን ጠባሳ ቁጭ።

ደወልኩላት፣ ዝግ ነው። እስከ ዛሬም ዝግ ነው። ለጋሼ ቡሬ ሄጄ ለእመት ወይኒቱ ላሳያቸው ስለው ሳቁ ጠፋ።

"ምኑን ልታሳዪ? አሮጌውን አጥቤዋለሁ" አለኝ። "ያለሽ ኮምፒውተር ላይ ያለ ምስል ነው። አንዴ የራስሽን አፍ የለጠፍሽ ልጅ ጠባሳም ስላ መጣች ይሉሻል። ማን ያምንሻል? ፎቶ ቤቴንም ታስዘጊብኛለሽ።"

ክፋቱ ደግሞ እውነቱን ነው። ስካኑን አጥፊው አለኝ፣ እኔ ግን ፍላሽ ላይ ገልብጬ ደብቄዋለሁ። ፍሬሙን እሱ ራሱ መስኮት ላይ ሰቀለው፣ ሥራችን ይታይ ብሎ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ "ምን ዓይነት ቆንጆ ሰው ነው" ይላል። ትናንት ሁለት ሰው እንደዚያ አድርጉልን ብሎ የአባቱን ፎቶ አመጣ።

ፍላሹ አሁን ደብተሬ ውስጥ ነው። ቡሬ ሄጄ በዘመድ ፊት "አፉ የኔ ነው፣ ዋሽቻችኋለሁ፣ አሁን ግን እመኑኝ" ልበል? ወይስ ያይኔአበባን ባሕር ዳር ድረስ ልፈልጋት? እሷስ ብታምነኝ ምን ይዛ ትመለሳለች? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?