የአካለ ወልድ ጠፍር አልጋ

የባለቤቴ የስንቄ ወንድም ከሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ሲመለስ ጆንያውን አልጋችን ሥር አሳደረ። ትኋኑ የገባብን ከዚያ ጆንያ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ አልጋውም ፍራሹም የግድግዳው ስንጥቅም ተወረረ። በመጨረሻ አልጋውን አቃጠልነው፤ ነፍሰ ጡር የነበረችው ስንቄ ግድግዳውን እንደ አዲስ በጭቃ መረገች። ከዚያ ወዲህ የእንግዳ ጓዝ ውጭ ያድራል፣ ልብሱም ሳይቀቀል አይገባም።

ከምንኖርበት ከሞጣ ራቅ ብሎ ቢቸና ጥሩ ጠፍር አልጋ ይሸጣል የሚል ወሬ ስሰማ ስንቄ የጆንያ መስፊያ መርፌና ነጭ ነጠላ ሰጠችኝ። ሳልፈትሽ እንዳላመጣ አስጠነቀቀችኝ።

አልጋው የአካለ ወልድ ነው። አካለ ወልድ አስተማሪ ነበር፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በቀይ ሽብር ጊዜ ሲፈለግ ጠፋ። ዓባይ በረሃ ውስጥ ሞተ ተባለ። እናቱ ወይዘሮ ወለተ ሐና ሬሳውን ሳያዩ አለቀሱ፣ ተዝካሩንም አወጡ፤ በኋላም አልጋውን ለሽያጭ አቀረቡ። ጎረቤት ግን ከተቆለፈው ክፍሉ አንዳንድ ጊዜ ሳል ይሰማል ይል ነበር። የሙት መንፈስ ነው የሚሉ ነበሩ። ዝም የሚሉም ነበሩ።

የተፈላጊ ሰው ዕቃ ያለ ቀበሌ አይሸጥም ስለተባለ አለበል የሚባል የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ አብሮን ገባ። ወይዘሮ ወለተ ሐና ቁልፉን ከፈቱ። ልጃቸው ከጠፋ ወዲህ በዚህ ክፍል ሰው እንዳልተኛ በማርያም ስም ማሉ።

ክፍሉ ጨለማ ነው። ከላይ በሸንበቆ የተረበረበ ቆጥ አለ። የገለባ ፍራሹን አንሥቼ አልጋውን ገልብጬ ነጠላውን ከሥሩ አነጠፍሁ። ጠፍሩ በሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ እንደ ቀለም ጠብታ ያለ ጥቁር ነጠብጣብ አየሁ። የትኋን ኩስ ነው። የተገፈፈ ቅርፊትም ነበረ። ይህ አላስደነገጠኝም፤ ሁለት ዓመት የቆየ ሊሆን ይችላል።

አለበል በሩን ተደግፎ ሳቀብኝ። «አንተ የሞጣው፣ ሚስትህን ነው ወይስ ትኋኑን የምትፈራው?»

የአልጋው እግርና ጎን ከሚጋጠሙበት ቀዳዳ መርፌውን ሰድጄ ሳወጣ ትኋን ወደቀ። ያልበላ ትኋን እንደ ገለባ ስስ ነው፤ ወራት ጾሞ ሊቆይ ይችላል፣ ሆዱ ግን ጠፍጣፋ ይሆናል። ይህ እንደ ባቄላ አብጦ ነበር። በጣቴ ስጫነው ነጠላው ላይ ቀይ ደም ተረጨ። ትኩስ ደም።

ወይዘሮ ወለተ ሐና ደሙን አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። በዚያው ቅጽበት ከቆጡ ላይ ጥቂት ብናኝ ነጠላው ላይ ረገፈ። ቀና ብዬ አላየሁም።

አለበል ሳቁን ትቶ ቀረበ። «ምንድን ነው ደሙ? የማን ነው?»

መርፌውን አውራ ጣቴ ውስጥ ሰካሁት። ጣቴን አሳየሁት። «የእኔ ነው። ወጋኝ።»

ጣቴንም ነጠላውንም አየ። እንደ ሙሽራ ነጭ ጨርቅ በደም አቀለምህ ብሎ ተሳለቀ። አልጋው ትኋን ካለበት ለምን እንደምገዛው ጠየቀኝ። አልገዛም ብል ምክንያቱን መናገር ነበረብኝ። አሮጌ ትኋን ነው፣ በፈላ ውሃ ይለቃል፣ ማገዶ ብቻ ያስፈልገኛል አልሁ። እያጉረመረመ ማገዶ ሊያመጣ ወጣ።

ወይዘሮ ወለተ ሐና ነጠላውን ጨብጠው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ፍራሹ ላይም አለ?»

«አለ፣ እማማ። ገለባውን ያቃጥሉት፣ ጨርቁን ይቀቅሉት። ግድግዳውንና ቆጡን ይመርጉት። አልጋው ሲሄድ ትኋኑ ሁሉ አብሮ አይሄድም፤ የሚበላውን ፈልጎ ይወጣል።»

በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አላለቀሱም።

ጠፍሩን ቆርጬ እዚያው ግቢ ውስጥ አቃጠልሁት። አልጋውን ፈታትቼ በየቀዳዳው የፈላ ውሃ አፈሰስሁ። በጭነት መኪና ሞጣ ሲደርስም ከግቢው ድንጋይ ላይ አኑሬ፣ የተረፈ እንቁላል እንዳይፈለፈል ደጋግሜ ቀቀልሁት። አዲስ ጠፍር ወጠርሁበት።

ስንቄ ትኋን ነበረው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ነበረው አልኋት። ሁለት ዓመት ምን እየበላ ኖረ ስትለኝ የተወጋውን አውራ ጣቴን በመዳፌ ሸሸግሁ። አየችኝ፤ ደግማ አልጠየቀችኝም።

አሁንም መርፌዋን በየቀዳዳው እየሰደደች ትፈትሻለች። ነጠላው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ልጃችን እዚያ አልጋ ላይ ተወለደ፣ አንድም ትኋን አልነካውም። እኔ ግን ጋደም ባልሁ ቁጥር ከጣሪያው ብናኝ የሚረግፍ ይመስለኛል። በቢቸና በኩል ማን እንደተያዘ የሚያወራ ሰው ሲመጣ ከቤት እወጣለሁ።