ለጓደኛዬ ነው

ሶፋ ሠሪው የነርሷ አባት መጀመሪያ ደም ያየ ቀን ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመው። የመጸዳጃ ወረቀቱ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ፣ ደማቅ ቀይ፤ ለእሱ ግን ኑዛዜ የሚያስጽፍ ነገር ነበር። ልጁ ነርስ ሆና ወደምትሠራበት ጤና ጣቢያ ሲመጣ የሶፋ መርፌው ደረት ኪሱ ላይ እንደተሰካ ነው። ልጁም ጠየቀችው፤ ደሙ ከሰገራው ጋር ተቀላቅሏል ወይስ ለብቻው ነው? ድርቀት ነበረህ? ያዞርሃል? ከስተሃል? ሐኪሙ መርምሮ ኪንታሮት መሆኑን ነገረው። «ውኃና አትክልት አብዛ፤ ደሙ ከበዛ ወይም አልቆም ካለ ተመለስ» ብሎ ሸኘው።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ቤተሰብ ግን መቼ ዝም ብሎ ያውቃል! ነርሷ ራሷ ናት እራት ላይ «ቀይ መብራት» ብላ ስም ያወጣችለት። እናቷ ሳቀች፣ ወንድሟ ሳቀ። ከአባቷ ጋር ሱቁን የሚጋራው፣ ስፖንጅ ስለሚሞላ «ስፖንጁ» የሚሉት ሽማግሌ ጓደኛውም ሰምቶ በየጠዋቱ «መብራቱ እንዴት አደረ?» እያለ ሰላምታ አደረገው። አባትየውም አብሮ ሳቀ። ሰው ሲሳቅበት አብሮ ከመሳቅ ሌላ ምን መሸሸጊያ አለው?

ከወራት በኋላ ሥራ ላይ እያለች አባቷ ደወለላት።

«እናቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለራሴ አይደለም፣ ለጓደኛዬ ነው። ለስፖንጁ።»

ጓደኛ የተባለው ማን እንደሆነ እኔና እናንተ ገብቶናል። እሷ ግን አልገባትም። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ይዛ የሰው የደም ግፊት እየለካች ነበር።

«ሰገራው ጠቁሮበታል» አላት።

«እንዴት ያለ ጥቁር? ለደም ማነስ የሚሰጠውን የብረት ኪኒን ከወሰደ ይጠቁራል፤ እሱ አያስፈራም።»

«እሱን አይወስድም። ለጉልበቱ ማስታገሻ ነው የሚውጠው፣ በየቀኑ። ጥቁሩ እንደ ሬንጅ ነው አለኝ። ይጣበቃል። ሽታውም ሌላ ነው።»

መለኪያውን አስቀመጠች። «ያዞረዋል?»

«ሲነሳ ግድግዳ ይይዛል።»

«ስማኝ አባዬ፣ ይሄ እንደ ያንተ አይደለም። ያንተ ከታች፣ ከቅርብ ስለነበር ነው ቀይ የሆነው። ይሄ ከላይ፣ ከጨጓራ የሚደማ ይመስላል፤ ደሙ አንጀት ውስጥ ሲቆይ ነው የሚጠቁረው። ማስታገሻው አቁስሎት ይሆናል። ከአሁን በኋላ አንድ ፍሬ እንዳይውጥ። አሁኑኑ ሰው ይዞት ድንገተኛ ክፍል ይምጣ።»

«ነገ ቢሆንስ? የጀመርነው ሶፋ አለ፣ ጠዋት ባለቤቶቹ ይወስዱታል።»

«ነገ አይሆንም።»

«ያፍራል እኮ። ይስቁብኛል ብሎ ነው።»

«ማን ይስቅበታል? አንተ ብትሆን አዝዬህ ነበር የምሮጠው።»

አባቷ «ጎሽ የኔ ልጅ፣ እነግረዋለሁ» ብሎ ዘጋው። ከሥራ ስትወጣ መልሳ ደወለችለት። ሄደ ወይ ብላ ብትጠይቀው «እሄዳለሁ ብሏል» አላት። ውሸት አልነበረም፤ ሶፋውን ጨርሶ ሊሄድ አስቦ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስፖንጁ ሽማግሌ እያለከለከ በድንገተኛው በር ገባ። ነርሷ እፎይ አለች፤ ዘግይቶም ቢሆን መጣ። ወንበር ስባ ተቀበለችው።

«መጡ ጋሼ? ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። ያዞርዎታል?»

«እኔን? እኔ ምን ሆኜ ልጄ? አባትሽ ነው እንጂ። ሶፋው ላይ ወደቀብኝ። ታክሲ ውስጥ ነው።»

እንዴት ወደ ታክሲው እንደደረሰች አታስታውሰውም። ከንፈሩ እንደ ሶፋ ገበር ነጥቷል፣ ላብ አጥምቆታል፣ እጁ ቀዝቃዛ ነው። ልቡ ይሮጣል፣ ግፊቱ ወርዷል። በሁለቱም ክንዱ ጉሉኮስ ሰቀሉለት፣ ደም እንዲመጣ ተደወለ፣ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚወስደው አምቡላንስ ተጠራ። ሐኪሙ የሚደረገውን ሁሉ አደረገ። ትናንት ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ይበቃው ነበር። ይሄን እሷም ታውቃለች፣ ሐኪሙም ያውቃል።

አምቡላንሱን ሲጠብቁ ዓይኑን ገለጠ።

«ስፖንጁ ደህና ነው» አላት።

«አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

የሚስቅ መሰለ። ይሄን ሳቅ ታውቀዋለች፤ ያኔ እራት ላይ ስም ስታወጣለት የሳቀው ነው።

«ለጓደኛዬማ ነገርኩት» አላት ቀስ ብሎ። «እምቢ አለ።»

ደሙ ሲደርስ እጁ እጇ ውስጥ ነበር። ነፍሱ ግን ቀድማ ሄዳለች።